«በግሪኩ ሥሩ እንዲህ ነው» ሲባል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ይህ ቃል በግሪኩ እንዲህ ማለት ነው» የሚለውን አባባል በስብከትም በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናትም በየጊዜው እንሰማለን። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚነገረን ብዙ ጊዜ የቃሉ ትርጉም አለመሆኑ ነው። የሚነገረን የቃሉ ሥር ነው። ሁለቱ አንድ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ የማይገናኙበት ጊዜም አለ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሣቸው ናቸው።

ስሕተቱ ራሱ ምንድን ነው?

አንድን ቃል እንበትነውና ከምን ከምን እንደ ተሠራ እናያለን። ከዚያ ክፍሎቹን እንደምራለን። ድምሩን የቃሉ «እውነተኛ ትርጉም» ብለን ቃሉ በሚገኝበት ጥቅስ ሁሉ ላይ እንጭነዋለን። ጸሐፊው በዚያ ቦታ ምን ሊል እንደ ፈለገ ግን አልጠየቅንም።

ለእኛ ቅርብ ከሆነ ቦታ ምሳሌ ልውሰድ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ይደርስና «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ይለዋል። በግሪኩ «ማንበብ» የሚለው ግስ አናጊኖስኮ ነው። ሲበተን «አና» እና «ጊኖስኮ» ይሆናል። «አና» ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመር «እንደገና» የሚል ስሜት ሊሰጥ ይችላል፤ «ጊኖስኮ» ደግሞ ማወቅ ነው። ስለዚህ በሥሩ ከሄድን አናጊኖስኮ «እንደገና ማወቅ» ነው።

አሁን ይህን ወደ ጥቅሱ እናስገባው። ፊልጶስ «እንደገና የምታውቀውን ታውቀዋለህን?» ብሎ ጠየቀ ሊሆን ነው። ጃንደረባውም «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎ መለሰ። ታሪኩ ፈረሰ። የጃንደረባው ችግር እኮ ማንበቡ አልነበረም። ያነብ ነበር፤ ያነበበው ግን አልገባውም። ቃሉ በዚያ ዘመን «ማንበብ» ማለት ብቻ ስለሆነ ነው ጥያቄውም መልሱም ስሜት የሚሰጠው።

ሥሩና ትርጉሙ ለምን ይለያያሉ?

ቃል ከተሠራ በኋላ ትርጉሙን የሚወስኑት የሚናገሩት ሰዎች ስለሆኑ ነው። ሰዎች ደግሞ ሲናገሩ ሥሩን አያስቡም።

የእኛን ደብተር እንይ። ዲፍቴራ የሚባል የግሪክ ቃል አለ፤ የተዘጋጀ ቆዳ ማለት ነው። ይህ ቃል በዐረብኛ በኩል ዞሮ እኛ ጋ «ደብተር» ሆነ። ወደ ግእዝ የገባው ደግሞ «ደብተራ» ሆኖ ድንኳንን መሰየም ጀመረ፤ ደብተራ ኦሪት የምንለው ከዚህ ነው። በኋላም ደብተራ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ መጠሪያ ሆነ። አንዲት ተማሪ «ደብተሬን ረሳሁ» ስትል ቆዳዋን ወይም ድንኳኗን ረሳች የሚል ሰው የለም። ታሪኩ እውነት ነው፣ ደስም ይላል። ተማሪዋ ምን እንደ ረሳች ግን አይነግረንም።

ኤክሌሲያ «ተጠርተው የወጡ» ማለት አይደለም እንዴ?

ከሁሉ ይልቅ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

አተናተኑ ይህን ይመስላል። «ኤክ» ማለት «ከ… ውጭ» ነው። «ካሌኦ» ማለት መጥራት ነው። ስለዚህ ኤክሌሲያ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን፣ ከዓለም ተጠርተው የወጡ ሰዎች ናት። ቃሉ ከእነዚህ ክፍሎች መሠራቱ ልክ ነው። «ስለዚህ» የሚለው ግን ልክ አይደለም።

ቃሉ ክርስትና ከመምጣቱ ከ400 ዓመት በላይ ቀድሞ በአቴና የዜጎች ጉባኤ መጠሪያ ነበር። ዜጎቹ ፕኒክስ በሚባል ኮረብታ ላይ ተሰብስበው ስለ ጦርነት፣ ስለ ሕግና ስለ ወጪ ድምፅ ይሰጡ ነበር። ያ ስብሰባ ኤክሌሲያ ነው። ማንም ከምንም ተለይቶ አልወጣም፤ ሰው ለስብሰባ ተሰበሰበ እንጂ።

ቀጥሎ የሰባ ሊቃናት ትርጉም የሚባለው አለ፤ ብሉይ ኪዳን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ የተተረጎመበት ማለት ነው። የአዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት ይህንን ነው። እዚያ ኤክሌሲያ ወደ 100 ጊዜ ያህል ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜም የእስራኤልን ጉባኤ ያመለክታል። በዕብራይስጡ አቆጣጠር መዝሙር 26፥5፣ በሰባ ሊቃናቱ አቆጣጠር 25፥5 ላይ ግን ዳዊት «የክፉዎችን ማኅበር ጠላሁ» ይላል። በግሪኩ ይህ «ማኅበር» ኤክሌሲያ ነው። ኤክሌሲያ በራሱ «በእግዚአብሔር ከዓለም ተጠርተው የወጡ» ማለት ከሆነ፣ ዳዊት የጠላው እነማንን ነው?

ከዚያ ወደ አዲስ ኪዳን ኑ። የሐዋርያት ሥራ 19 ላይ ድሜጥሮስ የሚባል ብር ሠሪ በኤፌሶን ሁከት ያስነሣል። ሕዝቡ ወደ ቲያትሩ ግር ብሎ ገብቶ ሁለት ሰዓት ያህል «የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት» እያለ ይጮኻል። ቁጥር 32 ላይ ሉቃስ ጉባኤው ድብልቅልቅ እንደ ነበር፣ የሚበዙትም ለምን እንደ ተሰበሰቡ እንኳ እንዳላወቁ ይነግረናል። ይህ «ጉባኤ» ኤክሌሲያ ነው። ቁጥር 39 ላይ የከተማው ጸሐፊ ጉዳዩ በሕጋዊው ጉባኤ ይታያል ይላል፤ እሱም ኤክሌሲያ ነው። ቁጥር 41 ላይ ጉባኤውን በተነው፤ ያም ኤክሌሲያ። በአንድ ምዕራፍ ሦስት ጊዜ መጣ፤ አንዱም ክርስቲያኖችን አይመለከትም። ከሦስቱ ሁለቱ ማንም በሥርዓት ያልጠራውን፣ ለጣዖት የሚጮኽን ሕዝብ ያመለክታሉ።

አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ «ጉባኤ» ሌላ ቦታ «ቤተ ክርስቲያን» ስለሚል አንባቢው ሁለቱ አንድ የግሪክ ቃል መሆናቸው አይታየውም። ተርጓሚዎቹ አልተሳሳቱም። ዐውዱን አይተው ነው የተረጎሙት።

ግን ቤተ ክርስቲያን ከዓለም የተጠራች መሆኗ እውነት አይደለም?

እውነት ነው። 1ኛ ጴጥሮስ 2፥9 ከጨለማ ወደሚደነቅ ብርሃኑ ስለ ጠራን ጌታ ይናገራል። ትምህርቱ የቆመው እንዲህ ባሉ ጥቅሶች ላይ ነው። ኤክሌሲያ በሚለው ቃል ሥር ላይ አልቆመም።

1ኛ ቆሮንቶስ 1፥2ን በቀስታ አንብቡት። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ላለች ኤክሌሲያ ይጽፋል። ከዚያ «ቅዱሳን ለመሆን የተጠሩ» ናቸው ብሎ ለብቻው ይጨምራል። «የተጠሩ» የሚለው ቃል ከካሌኦ ቤተሰብ ነው። ጳውሎስ ስለ መጠራት ሊናገር ሲፈልግ በግልጽ ይናገራል ማለት ነው። በኤክሌሲያ ውስጥ ሸሽጎ አይተወውም።

ይህ ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ትልቅ ነው እላለሁ። እውነተኛ ትምህርት በደካማ ማስረጃ ሲደገፍ፣ ማስረጃው የወደቀ ቀን ሰሚው ትምህርቱም አብሮ የወደቀ ይመስለዋል። ኮሌጅ ገብቶ ግሪክ የተማረ ወጣት መጀመሪያ የሚያፈርሰው እንዲህ ያለውን ነው።

መዝገበ ቃላቱ ራሱ «መጠራት» ይላል እኮ?

ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው ይነበብ። ስልካችን ላይ ካሉት የግሪኩን ቃል ከሚያሳዩ የመጽሐፍ ቅዱስ አፖች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት በ1890 የወጣውን የጄምስ ስትሮንግን የቃላት ዝርዝር ነው። ኤክሌሲያ እዚያ ቁጥሩ G1577 ነው። የስትሮንግ አጻጻፍ ወጥ ነው፤ መጀመሪያ ቃሉ ከምን እንደ መጣ ይነግራል፣ ከዚያ ትርጉሙን ይሰጣል። ለኤክሌሲያም ከየት እንደ መጣ ከነገረ በኋላ የሕዝብ ስብሰባ፣ በተለይም የሃይማኖት ጉባኤ ብሎ ይቀጥላል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን መስመር ያነብና አፑን ይዘጋዋል። ያነበበው የቃሉን ትውልድ ነው፤ ትርጉሙ ቀጥሎ ነበር።

ኃጢአት «ዒላማ መሳት» ማለት ነውስ?

ይህ በከፊል እውነት ስለሆነ ከኤክሌሲያ ይልቅ ያስቸግራል። በግሪኩ «ኃጢአት» የሚባለው ቃል ሃማርቲያ ነው፤ እሱ የመጣበት ግስ በሆሜር ግጥሞች ውስጥ የተወረወረ ጦር ሰውን ሲስት ይነገራል። በሰባ ሊቃናቱ ትርጉምም መሳፍንት 20፥16 ላይ ድንጋይ ወንጭፈው አንዲት ጠጉር እንኳ ስለማይስቱ ብንያማውያን ሲነገር የዚሁ ቤተሰብ ግስ ገብቷል። ስለዚህ «መሳት» ከቃሉ ታሪክ ውስጥ አለ።

ግን እዚያ «መሳት» መሆኑን ያወቅነው በምንድን ነው? ጦሩና ወንጭፉ ስላሉ ነው። ዐውዱ ነገረን። አዲስ ኪዳን ውስጥ ሃማርቲያ ሲመጣ እነዚህ የሉም። ዮሐንስ በመጀመሪያው መልእክቱ 3፥4 ላይ «ኃጢአትም ዓመፅ ነው» ይላል። በሮሜ መልእክት ኃጢአት ይነግሣል፣ ያታልላል፣ ይገድላል፣ ደመወዝ ይከፍላል። ኢየሱስ በዮሐንስ 8፥34 ኃጢአት የሚያደርግ ሁሉ የኃጢአት ባሪያ ነው ይላል። «ዒላማ መሳት» የሚለውን በእነዚህ ቦታዎች ተኩት። «ዒላማ መሳት በሞት ነገሠ»፤ «የዒላማ መሳት ባሪያ»። አይሄድም።

ከዚህ የከፋው ሥዕሉ የሚያስከትለው ነገር ነው። ዒላማ የሳተ ሰው እኮ ዒላማውን ሊመታ ሞክሯል። አሳዝኖን «አይዞህ፣ ድገመው» እንለዋለን። ጳውሎስ የሚያወራለት ሰው ግን ቀስቱን ወደ ዒላማው ያዞረ አይደለም፤ ጀርባውን የሰጠ ነው። ሥሩን ስንጭን የጥቅሱን ክብደት ቀነስን።

አንዳንዶች ሮሜ 3፥23ን ያነሣሉ፤ «የእግዚአብሔርም ክብር ጎድሎአቸዋል» ስለሚል። እዚያ ያለው የመጉደል ሐሳብ ትክክል ነው፤ የመጣው ግን ሁስቴሬኦ ከሚባል ሌላ ግስ ነው። ከሃማርቲያ ሥር አልወጣም።

ግሪክ አላውቅም። ሥሩ እንዳያሳስተኝ እንዴት ልፈትሽ?

ፊደሉን እንኳ ሳታውቁ መፈተሽ ትችላላችሁ። በአንድ ቃል አብረን እንሥራው።

1ኛ ቆሮንቶስ 4፥1 ላይ ጳውሎስ ሰዎች «እንደ ክርስቶስ ሎሌዎች» ይቍጠሩን ይላል። «ሎሌ» የተባለው ሁፔሬቴስ ነው። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ማብራሪያ ይህ ነው፦ «ሁፖ» ማለት ከሥር፣ «ኤሬቴስ» ማለት ቀዛፊ፤ ስለዚህ ጳውሎስ ራሱን በመርከብ ሆድ ውስጥ ታችኛው ረድፍ ላይ በሰንሰለት ታስሮ ከሚቀዝፍ ባሪያ ጋር አመሳሰለ። ልብ የሚነካ ሥዕል ነው።

አሁን አፓችሁን ክፈቱ። ጥቅሱ ላይ ያለውን ቃል ነክታችሁ ቁጥሩን አግኙ፤ G5257 ነው። ከዚያ ትርጉሙን ተዉትና ይህ ቁጥር በአዲስ ኪዳን የሚገኝባቸውን ቦታዎች ሁሉ የሚያሳየውን ዝርዝር ክፈቱ። ወደ 20 ቦታ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። አማርኛውን እያነበባችሁ ሂዱ።

ሉቃስ 4፥20 ላይ ኢየሱስ በናዝሬት ምኵራብ መጽሐፉን ጠቅልሎ «ለአገልጋዩ» ይሰጠዋል። ያ ሰው ሁፔሬቴስ ነው፤ መጽሐፍ ተቀባይ እንጂ ቀዛፊ አይደለም። የሐዋርያት ሥራ 13፥5 ላይ ዮሐንስ ማርቆስ የጳውሎስና የበርናባስ ረዳት ነው። ዮሐንስ 18፥3 ላይ ይሁዳ ኢየሱስን ለማስያዝ ከካህናት አለቆች ዘንድ ሎሌዎችን ይዞ ይመጣል፤ እነዚህ ፋኖስና መሣሪያ የያዙ የቤተ መቅደስ ጥበቃዎች ናቸው። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 36 ላይ ኢየሱስ መንግሥቱ ከዚህ ዓለም ብትሆን ሎሌዎቹ ይዋጉለት እንደ ነበር ለጲላጦስ ይነግረዋል።

ከሁሉም አንድ እንኳ መርከብ ላይ የለም። ሁሉንም የሚያገናኛቸው ነገር ግን አለ፦ በሌላ ሰው ሥልጣን ሥር ሆኖ የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው። ይህን ይዛችሁ ወደ ቆሮንቶስ ተመለሱ። የቆሮንቶስ ሰዎች «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» ተባብለው ተከፋፍለዋል። ጳውሎስ «እኛ እኮ ታዛዦች ነን፤ ጌታው ሌላ ነው» እያላቸው ነው። ከሥዕሉ ይልቅ ይህ ከምዕራፉ ጋር ይገጥማል። ቀጥሎ ያለው ቃል «መጋቢዎች» መሆኑንም አስተውሉ። መጋቢ የጌታው ንብረት በአደራ የተሰጠው፣ የሚታመን ሰው ነው። በሰንሰለት ከታሰረ ቀዛፊ ጋር አይሄድም።

ለነገሩ በአቴና የጦር መርከቦች የታችኛው ረድፍ ቀዛፊ ሌላ ስም ነበረው፤ ታላሚዮስ ይባል ነበር።

ፍተሻው በአጭሩ ይኸው ነው፦ ሥሩን ተዉ፣ ቃሉ የሚገኝባቸውን ቦታዎች ሰብስቡ፣ ያሰባችሁትን ትርጉም በየቦታው ተክታችሁ አንብቡ። ዐረፍተ ነገሩ እምቢ ካለ ትርጉሙ ልክ አይደለም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከዝርዝሩ ያገኛችኋቸውን ስሜቶች ሁሉ ሰብስባችሁ አንድ ጥቅስ ላይ አትከምሩ። ቃል በአንድ ቦታ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው አንድ ስሜት ነው።

ዱናሚስና ዲናማይትስ?

ሮሜ 1፥16 ላይ «ኃይል» የተባለው ዱናሚስ ነው፤ ስለዚህ ወንጌል ዲናማይት ነው ሲባል እንሰማለን። ይህ ደግሞ ወደ ኋላ የሚሄድ ስሕተት ነው። ዲናማይት የሚለውን ስም አልፍሬድ ኖቤል ከግሪኩ ዱናሚስ የወሰደው በ1867 ነው። ጳውሎስ ሮሜ 1፥16ን ሲጽፍ ዲናማይት አልነበረም። ዲናማይት ደግሞ ያፈርሳል፤ ጳውሎስ ስለሚያድን ኃይል ነው የሚያወራው።

እንግዲያው ሥር ምንም አይጠቅምም?

ይጠቅማል፤ በተለይ ሌላ ማስረጃ ሲጠፋ። ጥሩው ምሳሌ በየቀኑ የምንጸልየው ነው። «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» ውስጥ «የዕለት» የተባለው ኤፒዩሲዮስ ነው። በአዲስ ኪዳን የሚገኘው በዚሁ ጸሎት ብቻ ነው፤ ማቴዎስ 6፥11 እና ሉቃስ 11፥3። በ3ኛው መቶ ዓመት የኖረው ኦሪጀን፣ ግሪክ አፉን የፈታበት ሰው፣ ቃሉን ሊቃውንትም ተራው ሰውም እንደማይጠቀሙበት፣ ወንጌላውያኑ ራሳቸው የሠሩት እንደሚመስል ጽፏል። ሌላ ቦታ ሄዶ ማነጻጸር ስለማይቻል ወደ ሥር መውረድ ግድ ይሆናል።

ግን እዚያም ሥሩ አንድ መልስ አይሰጥም። ከ«ኤፒ» እና ከ«ኡሲያ» ተሠራ ካልን «ለመኖር የሚያስፈልግ» ይሆናል። ከ«ኤፒ» እና መምጣትን ከሚያመለክት ግስ ነው ካልን «ለሚመጣው ቀን» ይሆናል፤ የሐዋርያት ሥራ 16፥11 ላይ «በነገው» የሚለው የዚሁ ግስ ዘር ነው። ሄሮኒመስ ወደ ላቲን ሲተረጉም በሉቃስ «የየዕለቱ» አለ፤ በማቴዎስ ግን ያንኑ ቃል «ከባሕርይ በላይ የሆነ» በሚል ቃል ተረጎመው። በግእዙ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ብለን እንጸልያለን። ሥር ሲመራን እንዲህ በብዙ በር ያስገባናል። ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብሎ «ሊሆን ይችላል» ማለት ይሻላል።

ሥር የሚጠቅምበት ሌላው ቦታ ጸሐፊው ራሱ በቃሉ ሲጫወት ነው። ይህን የምናውቀው ሁለቱን ዘመድ ቃላት ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ነው። የፊልጶስ ጥያቄ እንዲያውም እንዲህ ነው፤ በግሪኩ «ጊኖስኬይስ ሃ አናጊኖስኬይስ» ይላል። ጆሮ ላይ ቤት ይመታል። ሉቃስ ድምፁን አስቦበት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የቃሉ ትርጉም አሁንም «ማንበብ» ነው።

በዕብራይስጥስ ይሠራል? ሴማዊ ቋንቋ በሥር የቆመ ነው አይደል?

እኛ ራሳችን ሴማዊ ቋንቋ ስለምንናገር ይህ ጥያቄ ለእኛ ተፈጥሯዊ ነው። በሦስት ፊደል ሥር ቃላትን ማዛመድ ለምደናል። ግን እዚያም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የግላስጎው ተወላጁ የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቅ ጄምስ ባር በ1961 ባሳተመው ሥራ ይህን ስሕተት ሰፋ አድርጎ ሲተች ካነሣቸው ምሳሌዎች አንዱ ዕብራይስጥ ነበር። «ሌሔም» እንጀራ ነው፤ «ሚልሐማ» ጦርነት ነው። የሁለቱም ሥር ፊደላት ለ፣ ሐ፣ መ ናቸው። ይህን ይዞ ጦርነት ሁሉ ስለ እንጀራ ነው ብሎ መስበክ ይቻላል፤ ዕብራይስጡ ግን አላለውም። በየአጥቢያው የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅበትን ቤተ ልሔም «የጦርነት ቤት» ብሎ የሚተረጉም ዲያቆንም የለም።